የጆንያው ብሮሸር

ሐያት ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የማስታወቂያና የኅትመት ቤት በጽሑፍ አዘጋጅነት ከተቀጠረች በኋላ ብቻዋን እንድትሠራው የተሰጣት የመጀመሪያው ሥራ፣ እህል ከነቀዝ የሚጠብቅ አየር የማያስገባ ጆንያ የሚሸጥ ነጋዴ ያዘዘው ብሮሸር ነበር። ሦስት ላይ የሚታጠፍ አንድ ወረቀት ነው፤ ይሁን እንጂ እርሷ የመመረቂያ ጽሑፍ ያህል ደከመችበት። ጆንያው ከውጭ አንድ የተሸመነ ከረጢት፣ ከውስጥ ደግሞ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዳሉት፣ አፉ ሲታሰር ነቀዙ በውስጥ የቀረውን አየር ተንፍሶ እንደሚጨርስና መብላት አቁሞ እንደሚሞት አነበበች። ዘዴው በመጀመሪያ በካሜሩን፣ ምርታቸውን ነቀዝ ለሚጨርስባቸው ገበሬዎች ታስቦ በተመራማሪዎች መሠራቱን ስታውቅም ለዚህ ታሪክ ሙሉ አንቀጽ ሰጠችው።

ጽሑፏ የሚጀምረው «የወሎ ምድር ከጥንት ጀምሮ የታታሪ ገበሬዎች መፍለቂያ እንደሆነች ይታወቃል» በሚል ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ስለ ድኅረ ምርት ብክነት፣ ስለ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ አስፈላጊነትና ስለ ድርጅቱ ራእይ በቅደም ተከተል ያትታል። ጆንያው ራሱ የሚጠቀሰው ወረቀቱ ተገልጦ ውስጠኛው ገጽ ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ እንድሪስ ወረቀቱን ተቀብለው ከምሳ በኋላ ሲመልሱላት ከተጻፈው የተረፈው ከሩብ የማይበልጥ ነበር። መግቢያው ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። የካሜሩን ታሪክ ተሰርዞ ከጎኑ «ለነጋዴው በቃል ንገሪው፤ ደስ ይለዋል» የሚል ተጽፎበታል። «እህልዎ ፈጽሞ አይበላሽም» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በሦስተኛው ገጽ አንድ አንቀጽ መካከል ተወሽቆ የነበረው «ነቀዝ አየር ካጣ ይሞታል» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ግን ተከቦ፣ ረጅም ቀስት ወደ ሽፋኑ ይጎትተዋል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄ እኮ የእኔ ጽሑፍ መሆኑ ቀረ» አለች፤ ድምጿ ካሰበችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

«ይቅር» አሉ፤ አልተቆጡም። «መግቢያሽን አንብቢውና፣ ጆንያ የሚለውን አውጥተሽ ማዳበሪያ ወይም የውኃ ፓምፕ አስገቢበት። የሚቀየር ነገር አለው?»

አነበበችው። የሚቀየር ነገር አልነበረውም። ቢሆንም ሽንፈቱን ለመቀበል አልፈለገችም። «እሺ፣ አይበላሽም የሚለውስ? እውነት አይደለም እንዴ?»

«ያልደረቀ ማሽላ ቢከቱበትስ?»

«ይሻግታል።»

«እንግዲያው ብሮሸራችን ዋሸ ማለት ነው። ገበሬው አንድ ኩንታል ሲሻግትበት ነጋዴውን እንጂ እርጥበቱን አይወቅስም። ደግሞ የጨው ሙከራውን ጽፈሽው ሳለ ከስልክ ቁጥሩ በታች ምን ወሰደው?»

የጨው ሙከራው ቀላል ነገር ነው፤ ደረቅ ጨውና እህል በደረቅ ጠርሙስ ተከትቶ ይናጣል፤ ከዚያም ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥበት አለው ማለት ነው። ሐያት መጨረሻ ላይ ያኖረችው ተራ ስለመሰላት ነበር። አሁን ከሽፋኑ ቀጥሎ፣ «ከመክተትዎ በፊት» በሚል ርእስ ሥር ገብቷል፤ «ፈጽሞ አይበላሽም» የሚለው ተስፋም «በደንብ የደረቀ እህል ያለ መድኃኒት ከነቀዝ ይጠበቃል» ወደሚል ተቀይሯል። እርግጥ ነው፣ ከፊተኛው ያነሰ ይመካል። ነገር ግን በጓዳው የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ለሰለቸው ሰው «ያለ መድኃኒት» የሚሉት ሁለት ቃላት ከማንኛውም የምስጋና ቃል ይልቅ ክብደት እንዳላቸው እያደር ገባት።

በዚያ ቀን ግን ገና አልገባትም ነበር። ሁለቱንም ጽሑፎች አትማ፣ ነጋዴው የቱን እንደሚመርጥ ለማየት ወደ ሱቁ ወረደች፤ ልቧ የራሷን እንደሚመርጥ ይነግራት ነበር። ነጋዴው ሁለቱንም አገላብጦ ካየ በኋላ ወረቀቶቹን መለሰላት። «እኔ ጆንያ ሻጭ እንጂ ገዢ አይደለሁም። ለገዢዎቹ አስነብቢያቸው» አላት፤ በሩ ላይ ወደ ቆሙ ከሐርቡ በኩል ወደ መጡ አንዲት እናትና የትምህርት ቤት ቦርሳ ወዳነገተ ልጃቸው እያመለከተ።

እናትየው ማንበብ ስለማይችሉ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። በሐያት ጽሑፍ «የድኅረ ምርት ብክነትን በዘላቂነት ለመቅረፍ» የሚለው ጋ ሲደርስ ተደናቀፈና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እናቱም ለአክብሮት ያህል ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ዓይናቸው ወደ ተደረደሩት ጆንያዎች ሄደ። ሐያት ልጁን ልታግዘው ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ራሷን ያዘችው። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሆና ስታነበው የነበረው ጽሑፍ፣ በዚህ ልጅ አፍ ሲነበብ ትንፋሽ የሚያሳጣ መሆኑን በጆሮዋ ሰማች። ጽሑፉን ስትጽፍ የሚያነበው ማን ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ አንድ የተማረ ሰው በዝምታ እንደሚያነበው ያለ ጥያቄ አምና ነበር።

ልጁ ሁለተኛውን ወረቀት አነሣ። «ነቀዝ አየር ካጣ ይሞታል» ብሎ ሲያነብ እናቱ ዞር አሉ። «ምን ይላል? ድገመው።» ደገመው። ስለ ጨው ሙከራው፣ ሁለቱ የውስጥ ከረጢቶች አየራቸው እየተጨመቀ ለየብቻ ስለ መታሰራቸው የሚለውን ሁሉ ሳይደናቀፍ አነበበላቸው፤ ሳይጨርስም እናትየው በቀጥታ ወደ ሐያት ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ለእንጀራ የሚሆነኝን በየሳምንቱ ከዚያው ነው የምቀንሰው። በከፈትኩት ቁጥር አየር አይገባበትም ወይ?»

ሐያት መልሱን አታውቀውም ነበር፤ በረጅሙ ጽሑፏ ውስጥም አልነበረም። የመለሰላቸው ነጋዴው ነው። ለምግብ የሚሆነውን ቀድሞ ለይቶ በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ እንደሚሻል፣ ጆንያውን የግድ መክፈት ካስፈለገም ቶሎ ቀንሶ አየሩን ጨምቆ መልሶ ማሰር እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁና የጆንያውን ዋጋ ወደ መጠየቅ ተሻገሩ። ስለ መጀመሪያው ወረቀት ማንም ምንም አልጠየቀም፤ በውስጡ ለመጠየቅ የሚሆን ነገር ማግኘት ይቻል ነበር ብሎ መከራከርም ይከብዳል።

በባጃጅ ወደ ቢሮ ስትመለስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አየቻቸው። ጋሽ እንድሪስ የሰረዙት መግቢያ ይዞት የነበረው ቦታ አሁን ነጭ ነው፤ ያ ነጭ ቦታም ለሴትየዋ ጥያቄ መልስ ልክ የሚበቃ ነበር። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ቢሆን ኖሮ መልሱን ማስገቢያ አታገኝም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄው አይነሣም ነበር።

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ጻፈች፦ «ለምግብ የሚሆነውን እህል አስቀድመው ለይተው በሌላ ዕቃ ያስቀምጡ። ጆንያውን የግድ ከከፈቱ፣ የሚፈልጉትን ወዲያውኑ ቀንሰው፣ አየሩን በጥንቃቄ ጨምቀው አውጥተው፣ ቶሎ መልሰው ይሰሩ።»

ጋሽ እንድሪስ አነበቡት። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከሐርቡ የመጡ አንዲት እናት ጠይቀውኝ ነው።»

«አስገቢው» አሉ፤ ከዚያም እስክርቢቶአቸውን አንሥተው «ወዲያውኑ» እና «በጥንቃቄ» የሚሉትን ሰረዙ። «የት ታስገቢዋለሽ?»

ሐያት «ከማሰሪያው ሥዕል አጠገብ» አለች፤ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባም «አስቀድመው» የሚለውን እርሷው ሰረዘችው፤ «ለይተው» ካለ ይበቃል።

ጋሽ እንድሪስ ፈርመው ወደ ማተሚያ ክፍሉ ላኩት።