የሕግ ጥናት መልመጃ 4፦ የሰናይት ደመወዝ

መጀመሪያ ፍሬ ነገሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቀኖቹ ላይ አስምሩ።

ወ/ሮ ሰናይት በአንድ የግል ማተሚያ ቤት በዲዛይነርነት ተቀጥራ ትሠራለች። እስከ ሰኔ 2017 ድረስ ደመወዟ በወር 12,000 ብር ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ 15,000 ብር ሆነ። ሌላ አበል የላትም። የሰኔ 2017 ደመወዟ ሰኔ 28 ሲከፈላት 2,700 ብር የሥራ ግብር ተቆርጦባታል። የጥቅምት 2018 ላይ ደግሞ 3,750 ብር ተቆረጠ። ፔሮል የሚሠራውን ልጅ ጠየቀችው። «ከፍተኛው ምጣኔ ድሮም 35 በመቶ ነው፣ አሁንም 35 ነው። አንቺ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም» አላት። እሷ ግን የሁለቱም ወር ልዩነት ይመለስልኝ ትላለች።

ጥያቄ፦ የሚገዛው ሕግ የትኛው ነው? የመጨረሻው ማሻሻያስ? የሰናይት ጥያቄ በየትኛው ወር ያስኬዳል? በስንት ብር?

ራሳችሁ ሳትሞክሩ ወደ ታች አትውረዱ።

አሠራሩ

ሕጉን ስትፈልጉ መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው አዋጅ ቁጥር 286/1994 ሊሆን ይችላል። በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አሁንም አለ። ግን ተሽሯል። የሻረው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው። ስለዚህ በ286 ላይ የወጡ ማሻሻያዎችን ማገላበጥ ጊዜ ማባከን ነው።

979/2008ን ስትከፍቱ አንቀጽ 11 ላይ የምጣኔ ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። እስከ 600 ብር ነፃ፣ ከ10,900 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ። ብዙ ተማሪ እዚህ ይቆማል። የፔሮሉም ልጅ የቆመው እዚሁ ነው። አዋጅ በሥራ ላይ መሆኑና ያገኛችሁት ቅጂ የዛሬውን ሕግ መያዙ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቅጂው በ2008 የታተመ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ምንም አይነግራችሁም። ከነጋሪት ጋዜጣው ማውጫ ላይ ከ2008 ወዲህ ያለውን ወደ ፊት መፈተሽ አለባችሁ።

ስትፈትሹ አዋጅ ቁጥር 1395/2017ን ታገኛላችሁ። 979ን አልሻረውም፣ አሻሽሎታል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ። ያልተነካው አንቀጽ በእናት አዋጁ እንዳለ ይቀጥላል፤ የተነካው በአዲሱ ይነበባል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ነው።

አዲሱ ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ነፃ ያደርጋል። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው።

አሁን ጥቅምትን እናስላ፦

```
2,000 x  0% =     0
2,000 x 15% =   300
3,000 x 20% =   600
3,000 x 25% =   750
4,000 x 30% = 1,200
1,000 x 35% =   350
ድምር         = 3,200
```

የተቆረጠው 3,750 ነበር። 550 ብር በትርፍ ተወስዶባታል።

የልጁ ስህተት የት ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ቁጥሩ 35 ነው ማለቱ ልክ ነው። ነገር ግን 35 በመቶው የሚያርፈው ከእርከኑ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። በድሮው ሠንጠረዥ 4,100 ብሯ በ35 ይታሰብ ነበር፤ በአዲሱ 1,000 ብር ብቻ። በአቋራጭ የሚያሰላ ሰውም ያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፦ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ ድሮ 1,500 ይቀንስ የነበረው፣ አሁን መቀነስ ያለበት 2,050 ነው። ምጣኔው ሳይለወጥ ተቀናሹ ተለወጠ። ማሻሻያን በወሬ ሳይሆን ከጋዜጣው ላይ አንብቡ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ሰኔ ግን ሌላ ነው። ምክር ቤቱ ማሻሻያውን ያጸደቀው ሐምሌ 2017 ላይ ነው። የሰኔ ደመወዝ ከዚያ በፊት ተከፍሏል፣ ግብሩም ያኔ በሥራ ላይ በነበረው ሠንጠረዥ ተቆርጧል፦ 12,000 ሲባዛ በ35 በመቶ፣ ሲቀነስ 1,500፣ 2,700 ብር። በአዲሱ ቢሰላ 2,250 ይሆን ነበር። ያንን 450 ብር ግን ልትጠይቅ አትችልም። ያሳዝናል፣ ግን ሕጉ ያ ነው። መልሳችሁ ላይ «ሰናይት ትክክል ናት» ብላችሁ ከዘጋችሁ ግማሽ ነጥብ ብቻ ታገኛላችሁ።

550 ብሩ በምን መንገድ ይመለሳል የሚለው ከገቢ ግብር አዋጁ ወጥቶ ወደ ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ይወስደናል። ለሚቀጥለው ክፍል እሱን ፈልጋችሁ ኑ፤ ማሻሻያ ካለውም ከነማሻሻያው።