ውሃ በየቀኑ ለሚያፈላ ቤት፦ በደሴ ከቤት ወደ ቤት ለሚቀርብ የሸክላ ውሃ ማጣሪያ የተዘጋጀ ንግግር

ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ? ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን።

እናቴ፣ ሥራ ላይ እንደሆኑ አያለሁና ብዙ አላቆይዎትም፤ ፈቃድዎ ከሆነ እዚሁ በር ላይ ሆኜ ጥቂት ላነጋግርዎት። የመጣሁት ፒያሳ ካለው ሱቃችን ነው። በሆጤ የምንዞረው የመጠጥ ውሃቸውን በየቀኑ አፍልተው ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች የሸክላ ውሃ ማጣሪያ ለማሳየት ሲሆን፣ ምድጃው ላይ ያለው ድስት ለውሃ የተጣደ ከሆነ ጉዳዩ በቀጥታ እርስዎን ይመለከታል።

በቅድሚያ ውሃ ማፍላትዎ ትክክለኛ ነገር መሆኑን ልናገር። በደንብ የፈላ ውሃ ውስጥ አሜባም፣ ጃርዲያም፣ የታይፎይድ ተህዋስም፣ ቫይረስም አይተርፍም፤ ስለዚህ እስከዛሬ የደከሙት ድካም ልጆችዎን ጠብቋል። ነገር ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገርም ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ እንዲቆይ ይመከራል። ከሰል በተወደደበት በዚህ ጊዜ ብዙ እናቶች ገና አረፋው ብቅ ሲል ድስቱን ያወርዱታል። በዚህ ማንም ሊወቀስ አይገባም፤ ሆኖም ዛሬ ማጣሪያውን ባይፈልጉት እንኳ ይህቺን የ3 ደቂቃ ነገር ይያዙልኝ።

ከማፍላቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከፈላ በኋላ የሚሆነው ነው። ውሃው ድስት ውስጥ እንዳለ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ልጅ ከውጭ ሮጦ ይገባና ክዳኑን ከፍቶ ኩባያውን ከነጣቱ ይነክረዋል። እሳት የገደለውን ጀርም እጅ መልሶ ያስገባዋል ማለት ነው። የፈላ ውሃ ራሱን የሚጠብቅበት መድኃኒት በውስጡ ስለሌለው፣ አንዴ ከተነካ ተራ ውሃ ይሆናል።

አሁን ዕቃውን ልክፈትልዎት። ሁለት ባልዲዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው 10 ሊትር ይይዛሉ። በላይኛው ውስጥ የቆሙት፣ ወፍራም ሻማ የሚመስሉት ሁለት ነጫጭ ነገሮች ከተተኮሰ ሸክላ የተሠሩ ናቸው። በእጅዎ ይዳስሱት፤ ለስላሳ ይመስላል እንጂ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነዚህ ቀዳዳዎች እየሰረገ ወደ ታችኛው ባልዲ ሲንጠባጠብ ጭቃው፣ የትል እንቁላሉ፣ አሜባውና ጃርዲያው፣ ባክቴሪያውም በአብዛኛው ማለፍ አቅቶት ላይ ይቀራል። የታችኛው ባልዲ ክዳኑ የተዘጋ፣ መቅጃው ቧንቧ ነው፤ ልጁ ኩባያውን ከሥር ይደቅናል እንጂ እጁን አያስገባም። እኔ ከሸክላው እኩል ዋጋ የምሰጠው ለዚህች ቧንቧ ነው።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት የሞሉትን ጠዋት ወርዶ ያገኙታል፤ ጠዋትና ማታ ቢሞሉት በቀን 20 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ቤተሰብ መጠጥ በቂ ነው። ቧንቧ ሲጠፋ በጀሪካን ያጠራቀሙትን ውሃም ያጣራል። መሥመሩ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ውሃ ሲመለስ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል የገባ ቆሻሻ አብሮ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከፈረቃ በኋላ የሚቀዳው የመጀመሪያው ውሃ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል።

የማይሠራውንም ሳልደብቅ ልንገርዎት፤ ሻጭ ስለሆንኩ ብቻ ሁሉን ያድናል ብዬ ብሄድ ነገ በዚህ በር ማለፍ አልችልም። ቫይረስ ከባክቴሪያ እጅግ ስለሚያንስ በሸክላው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ገብቷል ሲባል ወይም ቤት ውስጥ አቅሙ የደከመ ሕመምተኛ ካለ፣ የተጣራውን ውሃ ማፍላት ወይም ከጤና ጣቢያ በሚሰጥዎት መመሪያ ልክ የውሃ ክሎሪን መጨመር ያስፈልጋል። ድስት ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀረውን የውሃ ጨውም አያወጣም። ዝክር ወይም ዱዓ ኖሮ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላም ለሁሉም አይደርስምና ያን ዕለት ቀድመው ያፈላሉ። ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን ግን ከእናቱ ጡት በቀር የተጣራም የፈላም ውሃ አያስፈልገውም።

አያያዙ ከባድ አይደለም። በክረምት ውሃው ሲደፈርስ መጀመሪያ አስቀምጠው ያስጠልሉት፤ ከዚያ ላይ ላዩን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልለው ይጨምሩት። የሚወርደው ውሃ እየቀነሰ ከመጣ ሸክላው በደለል ተደፍኗል ማለት ስለሆነ፣ ነቅለው በንጹሕ ውሃና አብሮት በሚመጣው ለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹት። ሳሙና አይንካው፤ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ጣዕሙን ያበላሸዋል። ታችኛውን ባልዲና ቧንቧውን ግን በሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁ። ሸክላው ከወደቀና ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ካዩበት ውሃው ሳይጣራ በስንጥቁ ያልፋልና አይጠቀሙበት፤ ይዘውት ይምጡ። በአግባቡ ከተያዘም ሸክላዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ መቀየሪያው ሱቃችን አለ፤ የሁለቱ ዋጋ 700 ብር ነው።

ዋጋው ከነሙሉ ዕቃው 3,600 ብር ነው። በአንድ ጊዜ ሲነገር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሂሳቡን በራስዎ ወጪ ያስሉት። ለውሃ ማፍያ ብቻ በሳምንት የ150 ብር ከሰል የሚሄድ ከሆነ፣ በ24 ሳምንት የዕቃው ዋጋ በከሰል ወጥቷል። ከዚያ በታች የሚያወጡ ከሆነ ዋጋውን ለመመለስ ይቆያል፤ ያም ቢሆን ጭሱና የከሰሉ ጋዝ፣ በተለይ በር ተዘግቶ በሚፈላበት በብርዱ ወራት፣ ከቤትዎ ይቀንሳል። ክፍያውን በሦስት ወር፣ በየወሩ 1,200 ብር አድርገው መክፈል ይችላሉ፤ ወለድም ሆነ ጭማሪ የለውም።

ዛሬ ገንዘብ እንዲያወጡ አልጠይቅዎትም። ከፈቀዱልኝ ይህንን ዕቃ አስተካክዬ አቁሜልዎት ለአንድ ሳምንት ያለ ክፍያ ይጠቀሙበት፤ የመጀመሪያውን አንድ ሙሌት ሸክላውን ለማጠብ ብቻ ስለሆነ እንዲደፉት፣ ከሁለተኛው ጀምሮ እንዲጠጡት ነው። አባወራውም ይየው፣ ልጆቹም ይቅዱበት፣ ጎረቤትም ትጠይቅዎት። በሳምንቱ በዚሁ ሰዓት እመለሳለሁ፤ ካልተስማማዎት ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ አንድም ብር አይከፍሉም። ከተስማማዎት ደግሞ የመጀመሪያውን 1,200 ብር ተቀብዬ ማኅተም ያለበት ደረሰኝና የአንድ ዓመት የባልዲና የቧንቧ ዋስትና ወረቀት እሰጥዎታለሁ።

እንግዲህ ፀሐይ የማያገኘው፣ ደልደል ያለና ከልጆች መሯሯጫ ራቅ ያለ ቦታ ያስፈልገናል፤ ከጓዳው በር አጠገብ ያለችው ያቺ በርጩማ ክብደቱን የምትችል ከሆነ እዚያ ላይ ላቁመው?