የሰሚራ የፈቃድ መጠየቂያ ኢሜይል፦ እንደጻፈችውና ከታረመ በኋላ

ሰሚራ፣ የላክሽልኝን ኢሜይል ሁለቴ አነበብኩት። ሐሳቡ ደህና ነው። ኃላፊሽ የእናትሽን መታከም ሲሰሙ ፊት የሚነሱሽ አይመስለኝም። ግን በዚህ መልኩ እንዲደርሳቸው አልፈልግም። ለደብዳቤ ክብር የሚሰጡ ሰው ናቸው፤ አንቺም በሥራሽ የተመሰገንሽ ነሽ። ጽሑፍሽም ሥራሽን ይምሰል። መጀመሪያ ያንቺን ምንም ሳልነካ አስቀምጫለሁ። የታረመው ይከተላል፤ የለወጥኩት ከነምክንያቱ ከሥር አለ።

አንቺ የጻፍሽው

ርዕስ፦ ፍቃድ ስለመጠየቅ

ሰላም ጋሼ እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ይዞዎታል?

እኔ ሰሚራ የመጋዘን መዝገብ ሠራተኛ ስሆን አምስት የስራ ቀናቶች የአመት ፍቃድ እንድትሰጡኝ እጠይቃለው። ምክንያቱም የእኔ እናቴ አይኗን ታሞ ኦፕራሲዮን ስለሚደረግላት ነው እና ከአጋሮ መጥታ እኔ ጋር ነው የምታርፈው እና ሌላ የሚያስታምማት ሰው የለም እና ከሰኞ ጀምሮ እስከ አርብ እቀራለው። የመስከረም ወር ገቢ ደረሰኞች በሙሉ ተመዝግቧል። ያላለቀም ሥራ ካለ ለረዳቷ ፋይሉ አስረክቤ ነበር የምሄደው። ስልኬ ክፍት ስለሆነ በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ። ትፈቅድልኛለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለው።

አመሰግናለሁኝ
ሰሚራ

የታረመው

ርዕስ፦ ከኅዳር 8 እስከ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለመጋዘን ክፍል ኃላፊ
ጅማ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ከሰኞ ኅዳር 8 እስከ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዓመት ፈቃዴ ላይ አምስት የሥራ ቀናት እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ከአጋሮ መጥታ የምታርፈው እኔ ጋር ነው። በማግስቱ ለምርመራ ትመለሳለች፤ የዓይን ጠብታውንም በሰዓቱ የሚያደርግላት ሰው ያስፈልጋታል። ጅማ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያስታምማት የለም።

የመስከረም ወር ገቢ ደረሰኞች በሙሉ ተመዝግበዋል። ጊዜው ቡና የምንረከብበት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እስከዚያ ያላለቀ ሥራ ካለ፣ ዓርብ ኅዳር 5 ቀን ፋይሉን ለረዳት መዝገብ ሠራተኛዋ አስረክቤ እሄዳለሁ። አስቸኳይ ነገር ካጋጠመ በስልክ ሊያገኙኝ ይችላሉ። ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ጠዋት በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ።

የቀጠሮ ወረቀቷን ከዚህ ኢሜይል ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሰሚራ
የመጋዘን መዝገብ ሠራተኛ

የለወጥኩት

1. *አንተና እርስዎ።* ትልቁ ይሄ ነው። "እንዴት ነህ" ብለሽ ጀመርሽ፤ እዚያው መስመር ላይ "ይዞዎታል" አልሽ፤ ቀጥሎ "እንድትሰጡኝ" መጣ፤ መጨረሻ ላይ "ደውልልኝ" እና "ትፈቅድልኛለህ" አልሽ። አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ አንተም፣ እርስዎም፣ እናንተም ሆነ። አንባቢው ይህን ሲያይ ሌላውን ስሕተት ሁሉ ይረሳና እዚህ ላይ ይቆማል፤ ንቀት የሚመስለውም አይጠፋም። ሁሉንም ወደ እርስዎ መልሼዋለሁ፦ "እንዲፈቅዱልኝ"፣ "ሊያገኙኝ ይችላሉ"። "ጋሼ" የሚለውን አልነካሁትም። መጋዘኑ ውስጥ ሁላችሁም የምትጠሯቸው በዚሁ ነው፤ ድንገት "ክቡር ኃላፊ" ብትያቸው ተኮራርፋችሁ ያስመስላል።

2. *እጠይቃለው፣ እቀራለው፣ አደርጋለው።* ሦስቱም በ"ሁ" ያልቃሉ፦ እጠይቃለሁ፣ እቀራለሁ፣ አደርጋለሁ። ስንናገር "ለው" የሚል ድምፅ ስለሚሰማ ነው እጅ የሚስተው። ቴሌግራም ላይ ሁሉም ሰው እንዲህ ስለሚጽፍ ዓይናችን ለምዶታል፤ ሲጻፍ ግን ትክክሉ "ሁ" ነው። "አመሰግናለሁኝ" ላይ ያለችው "ኝ" ለወሬ እንጂ ለደብዳቤ አትሆንም። እዚህ ቦታዋን "ከአክብሮት ጋር" ወስዶታል።

3. *የእኔ እናቴ ታሞ።* "እናቴ" ውስጥ "የእኔ" አለ፤ መድገም አያስፈልግም። "ታሞ" ደግሞ ለወንድ ነው፤ ለእናትሽ "ታማ" ትያለሽ። አረፍተ ነገሩን እንደገና ስለጻፍኩት ቃሉ ራሱ ወጥቷል። "ኦፕራሲዮን" ስሕተት የለበትም፤ "የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና" ያልኩት ሕመሙን ለይቶ ስለሚናገር ነው።

4. *ደረሰኞች ተመዝግቧል።* ደረሰኞቹ ብዙ ናቸው፤ ግሡም "ተመዝግበዋል" ይሁን።

5. *ቀናቶች።* "ቀናት" ራሱ ብዙ ነው። "ቀኖች" ብትዪም ያስኬዳል። ሁለቱን ማብዛት ላይ ማብዛት አድርጎ መደራረብ ግን አይሆንም።

6. *ያላለቀም፣ ፋይሉ።* "ሥራው አላለቀም" ስትዪ "ም" ትገባለች። "ያላለቀ ሥራ" ስትዪ ግን ትወጣለች። የምታስረክቢው ነገር ደግሞ "ን" ይፈልጋል፦ ፋይሉን።

7. *አስረክቤ ነበር የምሄደው።* ገና ያልሄድሽበትን ጉዞ ያለፈ አስመሰለው። "አስረክቤ እሄዳለሁ" በቂ ነው።

8. *ምክንያቱም … ስለ … ነው እና … እና … እና።* "ምክንያቱም" እና "ስለ" አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ አንዱ ይበቃል። ሦስቱን "እና" አውጥቼ አራት ነጥብ አስገባሁ።

9. *ፊደል።* ፍቃድ ወደ ፈቃድ፣ አመት ወደ ዓመት፣ አርብ ወደ ዓርብ። "ሥራ"ን አንድ ቦታ በ"ሥ"፣ ሌላ ቦታ በ"ስ" ጽፈሽዋል። አንዱን ከያዝሽ እስከ መጨረሻው ያዢው።

ሰዋስው ያልሆነም ጨምሬያለሁ። "ከሰኞ እስከ ዓርብ" ብቻ ብትዪ የትኛው ሰኞ? ቀኑን፣ የምትመለሺበትን ዕለትና ሥራሽን ማን እንደሚይዝልሽ አስገባሁ። ኃላፊሽ በዚህ ወቅት መጀመሪያ የሚጠይቁት የመጨረሻውን ነው፤ ቡናው በኩንታል እየገባ መዝገቡ ባዶ ወንበር ላይ እንዲቀር አይፈልጉም።

"ትፈቅድልኛለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለው" የሚለውን ሙሉ በሙሉ ያወጣሁትም አውቄ ነው። የዓመት ፈቃድ ልመና አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን አለሽ፤ ከዚያ በኋላ ለሚጨመር ለየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይታከልበታል። መቼ እንደምትወጪ ግን ከአሠሪው የሥራ ፕሮግራም ጋር መጣጣም ስላለበት፣ አክብረሽ መጠየቅሽ ትክክል ነው። አንድ ጊዜ በአክብሮት መጠየቅ ይበቃል።

የቀጠሮ ወረቀቱን ስታያይዢ ፎቶው ላይ ቀኑ በደንብ መነበቡን እዪ። ከዚያ ዛሬውኑ ላኪው፤ ተተኪ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛሉ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አላህ ያሽራቸው።