የሰዓት ለውጥ፦ የሐሙሱ ዌቢናር የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት (7:00 PM) ነው

ሰላም ለሁላችሁም፣

«ቴሌግራም ላይ ለሚሸጡ ሰዎች የሂሳብ አያያዝ» ለሚለው ዌቢናር ስለተመዘገባችሁ ነው የምንጽፍላችሁ። መጀመሪያ የነገርናችሁ ሰዓት ተቀይሯል።

የድሮው፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት (6:00 PM)። ይሄ ቀርቷል።
አዲሱ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት (7:00 PM)።

ቀኑ ያው ነው፣ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 20። ሊንኩም አልተቀየረም። እንደገና መመዝገብ አያስፈልግም። የምንጨርሰው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

እባካችሁ «1 ሰዓት» የሚለውን በኛ አቆጣጠር አንብቡት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው 1 ሰዓት ማለታችን ነው እንጂ 1:00 PM አይደለም፤ እሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ የምሳ ሰዓት። ስልካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ 7:00 PM ወይም 19:00 የሚል ማየት አለባችሁ።

ውጭ አገር ያላችሁም አላችሁና፦ ናይሮቢ ከኛ ጋር አንድ ነው፣ 7:00 PM። ዱባይ 8:00 PM፣ ለንደን 4:00 PM፣ ዋሽንግተን ደግሞ ከጠዋቱ 11:00 AM ይሆናል።

ለምን ቀየርነው? ብዙዎቻችሁ 12 ሰዓት ላይ ገና መንገድ ላይ እንደምትሆኑ ጻፋችሁልን። እውነት ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ ወጥቶ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው በአንድ እጁ ቦርሳ በሌላው ስልክ ይዞ ስለ ደረሰኝና ስለ ወጪ መዝገብ እንዲከታተል መጠበቅ ተገቢ አይደለም፣ በተለይ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁን የምትሠሩበት ስለሆነ። አቅራቢዋም በአዲሱ ሰዓት ተስማምታለች።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጉልን። ካላንደራችሁን ክፈቱና ሐሙስን እዩ። የላክንላችሁን የካላንደር ግብዣ የተቀበላችሁ ማስተካከያው ይደርሳችኋል፣ ቢሆንም በዓይናችሁ አረጋግጡ። በእጃችሁ የመዘገባችሁት ወይም አላርም የሞላችሁለት ግን በራሱ አይቀየርም፤ 6:00 PM የሚለውን ወደ 7:00 PM ቀይሩት። ሌላ ሰው ጋብዛችሁ ከሆነም ይህን መልእክት ፎርዋርድ አድርጉለት፣ የድሮውን ሰዓት የያዘው ፖስተር አሁንም በየግሩፑ እየዞረ ነው።

ክፍሉን 12 ሰዓት ከ45 ላይ (6:45 PM) እንከፍተዋለን። ድምፅ ለመሞከር የምትፈልጉ ያኔ ግቡ።

ለ12 ሰዓት ፕሮግራማችሁን አስተካክላችሁ የነበራችሁ፣ ስላስቸገርናችሁ ከልብ ይቅርታ። አዲሱ ሰዓት የማይመቻችሁም አትቅሩብን፤ እስከ ረቡዕ ማታ ጥያቄያችሁን ለዚህ ኢሜይል መልስ አድርጋችሁ ላኩ፣ አቅራቢዋ በዌቢናሩ ላይ ትመልሰዋለች፣ ቅጂውንም ዓርብ ለሁሉም ተመዝጋቢ እንልካለን።

የዌቢናሩ አዘጋጆች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ