ጉዳዩ፦ በቱሉ ዲምቱ ቅርንጫፍ ሌጀር የተደጋገሙ የግብይት ቁጥሮችን ስለማረጋገጥ

ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ፤

የጥር ወር ሌጀራችሁን ከዋናው ሲስተም ጋር ሳመሳክር FT-20418 እና FT-20423 የተባሉት የግብይት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ተመዝግበው አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው በሁለቱም ምዝገባ 18,500 ብርና አንድ ከፋይ ስለሚያሳይ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ በድጋሚ የተላከ ይመስለኛል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነው፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ 7,200፣ በሌላው 72,000 ብር ተጽፏል፤ የመዘገቡት ገንዘብ ያዦችም የተለያዩ ናቸው።

ስለሆነም የአራቱን ምዝገባዎች ደረሰኝ ቅጂና የዕለቱን የካዝና ቆጠራ ሰነድ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ እንዲልኩልኝ እየጠየቅሁ፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ የትኛውም ምዝገባ እንዳይሰረዝ ወይም እንዳይስተካከል በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሂሳብ ተንታኝ፣ ዋና መሥሪያ ቤት