ለ4ኛ «ለ» ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ በክረምቱ ከልጆቻችሁ ጋር ስለምትጫወቷቸው ጨዋታዎች

ደሴ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከርማችኋል? ስለ ውጤት የሚባለውን ካርዱ ስለሚነግራችሁ ይህን ደብዳቤ አብሬ ያያዝኩት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ከአሁን እስከ መስከረም ስላለው ረጅም እረፍት። ከ3ኛ ክፍል የሚመጡልኝ ልጆች ማባዛትን ሰኔ ላይ በደንብ ይዘው ይወጣሉ። መስከረም ላይ 7 ሲባዛ በ8 ስንት ነው ስላቸው ግን ብዙዎቹ ጣታቸውን መቁጠር ይጀምራሉ። ንባቡም እንዲሁ ነው፤ አንቀጽ በአንድ ትንፋሽ ያነብ የነበረ ልጅ ፊደል በፊደል መጎተት ይጀምራል። የልጆቹ ስንፍና አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ያልተነካ ነገር ይጠፋል።

መፍትሔው ክረምቱን ሙሉ አስጠኚ መቅጠር ነው ብዬ አላምንም። አቅሙ ያለው ቢያስጠና አልቃወምም፤ ልጆቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደግሞም ብዙዎቹ ጠዋት ጠዋት መድረሳ ወይም ቄስ ትምህርት ቤት እንደሚውሉ፣ ከፊሎቹ ሱቅ እንደሚያግዙ፣ ሌሎቹ ኩታበር ወይም ሐይቅ አያቶቻቸው ዘንድ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። የምለምናችሁ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከእራት በፊት ወይም ቡና ሲፈላ፣ አብራችኋቸው እንድትጫወቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ደሴ ዝናቡና ጉሙ ከቤት አያስወጣም፤ መብራት የሚጠፋበትም ምሽት አለ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አብዛኞቹ ጨዋታዎች መብራትም ገንዘብም አይፈልጉም።

ከሁሉም አስቀድሜ ገበጣን እመክራለሁ። ክፍል ውስጥ ዓርብ ዓርብ ስንጫወት አይቼዋለሁና አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም። ሠላሳ እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለውን ሁለት ረድፍ ቁረጡ፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ሽንብራ ወይም ባቄላ አድርጉ። በጠቅላላው 48 ፍሬ ይሆናል። ተራው የደረሰ ልጅ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ ሙልጭ አድርጎ ያነሳና ወደ ቀኝ እየዞረ አንድ አንድ ፍሬ ይዘራል። የመጨረሻዋ ፍሬ ሌላ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈች ያንን አንስቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያልቃል። እየተዘራ ሳለ አንድ ጉድጓድ ልክ አራት ከሞላ የዚያ ረድፍ ባለቤት አራቱን ይወስዳል። አራት የሞላችው በመጨረሻዋ ፍሬ ከሆነ ግን የሚወስደው ዘሪው ነው፤ ተራውም በዚያው ያበቃል። ገበጣው ላይ 8 ፍሬ ብቻ ሲቀር ይቆማል፤ ብዙ የሰበሰበ አሸነፈ።

በዚህ ሕግ የሚሰበሰበው ሁሌም አራት አራት ስለሆነ ልጁ ሳያውቀው የአራትን ማባዣ ይደጋግማል። በመሃል «እስካሁን ስንት ሰበሰብህ? እኔስ? ገበጣው ላይ ስንት ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁት። እሱ 12፣ እናንተ 16 ከሰበሰባችሁ የቀረው 20 መሆን አለበት፤ ሳይቆጥር ይናገርና ከዚያ ቆጥሮ ያረጋግጥ። መጀመሪያ ላይ ልጆች ጉድጓዱን በጣት እየነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ቆይተው እጃቸውን ሳያነሱ ገበጣውን ዝም ብለው ያዩና «ይቺን ካነሳሁ እዚህ ታርፋለች» ይላሉ። እዚያ ሲደርሱ አታቻኩሏቸው። ያቺ ዝምታ ውስጥ ብዙ ሒሳብ እየተሠራ ነው።

ሕጉ በየአካባቢው ይለያያል፤ በሦስት ረድፍ የሚጫወቱም አሉ። አያት ቤት የሚሄዱ ልጆች የአያታቸውን ሕግ ተምረው ቢመጡ ደስ ይለኛል። ብቻ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ፍሬውን ጨርሳችሁ ሰብስቡ፤ ሽንብራ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ዳማን የማያውቅ አባት ያለ አይመስለኝም። እዚህ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰሌዳውን ልጁ ራሱ ይሥራው። በካርቶን ላይ በማስመሪያ ስምንት በስምንት አድርጎ 64 እኩል ካሬ ማስመር ሲሞክር መለካት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ሁለት ቆርኪ በቂ ነው፤ የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው።

ለማባዛት የሚሆን ሌላ ጨዋታ አለ። ከ2 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች አራት አራት ጊዜ በትናንሽ ካርቶን ላይ ጻፉ። አገላብጣችሁ በውዙና እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ያንሳ፤ ያነሳውን አባዝቶ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ትልቁን ያገኘ አራቱንም ይወስዳል። የተሳሳተ ሰው ብዜቱ ትልቅ ቢሆንም አይወስድም። ካርታ ቤታችሁ እንደማይወደድ የነገራችሁኝ ወላጆች ስላላችሁ ነው በካርቶን ያልኩት። በገንዘብ ማስያዝ ግን በየትኛውም ጨዋታ ላይ አይኑር፤ የአንድ ብርም ቢሆን። በተለይ 6 በ7፣ 6 በ9፣ 7 በ8 እና 8 በ9 ላይ ጠብቁ፤ ክፍላችን የሚሰናከለው እነዚህ ላይ ነው።

ለንባብና ለቃላት ከእንቆቅልሽ የተሻለ ነገር የለኝም። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ለማለት ደብተር አያስፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ ጨምሩበት። አንደኛ፣ ልጁ በየቀኑ አንድ እንቆቅልሽ ራሱ ይፍጠር፤ ስለ ምድጃው፣ ስለ ባጃጅ፣ ስለ ጃንጥላ ሊሆን ይችላል። የፈጠረውን ጽፎ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል አይደል? የተሰጠውን አገር ዝም ብሎ አይቀበል። ኮምቦልቻን ከሰጣችሁት «ከደሴ ወደ የት ነው? ይሞቃል ይበርዳል? ለምን?» ተባብላችሁ ተነጋገሩበት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ሳለ የምትሞቀው ዝቅ ስለምትል ነው፤ ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስትል ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሚኒባስ የወረደ ልጅ ሁሉ ሐረጎ ላይ ጆሮው ሲደፈን ተሰምቶታል። ያንን ከቁጥሩ ጋር አያይዙለት።

መንገድ ላይ ወይም ወረፋ ስትጠብቁ ደግሞ የቃል ሰንሰለት ተጫወቱ። አንዱ ቃል በጨረሰበት ፊደል ቤት ሌላው ይጀምራል፦ ደሴ፣ ሰማይ፣ የካቲት፣ ተራራ፣ ርግብ፣ በሬ። ፊደሉ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ለውጥ የለውም፤ ቤቱ አንድ ከሆነ ይበቃል። የተደገመ ቃል አይቆጠርም። የንባብ ችግር ያለባቸው ልጆች ይህንን በጽሑፍ ቢጫወቱት ይጠቅማቸዋል፤ እነማን እንደሆኑ ለየወላጆቻቸው ለብቻ ነግሬያለሁ።

አሁን ለክረምት ብቻ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ የዝናብ ግምት። የሃይላንድ ጠርሙስ ከአንገቱ ዝቅ ብላችሁ ወገቡ ቀጥ ካለበት ላይ ቁረጡ፤ የላይኛውን ቁራጭ ክዳኑን አውልቃችሁ በአፉ ደፍታችሁ እንደ ማጥለያ ውስጡ አስቀምጡ። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ እንዳይወድቅም ጭምር ትንሽ ጠጠር ጨምሩና ጠጠሩ እስኪሸፈን ውሃ ሙሉ፤ የውሃው ጫፍ ዜሮ ይሁን። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ በየሚሊ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ከጣሪያና ከዛፍ ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ማታ ከመተኛት በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ «ነገ ጠዋት ስንት ሚሊ ሜትር እናገኛለን?» የሚለውን ይገምት፤ ጠዋት ልጁ ያንብብ፣ ይመዝግብ፣ ውሃውን እስከ ዜሮው ይመልስ። የቀረበ ገማች አንድ ነጥብ ያገኛል። በሳምንቱ መጨረሻ ልጁ ሰባቱን ቁጥር ደምሮ በግራፍ ይሳለው፤ በ2ኛው መንፈቀ ዓመት የተማርነው ባለ አምድ ግራፍ ነው። አንዱ ሰፈር ሲዘንብ ሌላው ሊያባራ ስለሚችል የሆጤውን ልጅ ቁጥር ከቧንቧ ውሃው ልጅ ጋር ማስተያየት እጅግ እጓጓለሁ። ዝናቡ ቦርከናን ምን እንደሚያደርገው ሊያዩ ብቻቸውን ወንዝ እንዳይወርዱ ግን አደራ። ጎርፉ ከላይ ዘንቦ እዚህ ፀሐይ እያለም ይመጣል።

ሱቅ ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን መልስ አስቆጥሯቸው። ካልኩሌተሩን ደብቁት። ደንበኛ ሳይበዛ፣ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ።

ስለ ስልክ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ስልክ ክልክል ነው አልልም፤ ነገር ግን ልጅን ዝም ለማሰኘት የሚሰጥ ስልክ አያስተምረውም። የምታምኑበትን አንድ ሁለት ነገር ጭናችሁ ኢንተርኔቱን ዝጉ። GCompris የሚባለው ነጻ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፤ እስከ አሥር ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጁ ከመቶ በላይ የቁጥር፣ የማሰብና የሳይንስ ጨዋታዎች አሉት። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በኮምፒውተርም ይጫናል። ቼዝ ለሚወድ ልጅ Lichess አለ፤ እሱም ነጻና ማስታወቂያ የሌለው ነው። በልጁ ፋንታ እናንተ ጫኑለት፤ ስሙ ተመሳሳይ የሆነ ነገር ግን ገንዘብ የሚጠይቅ ሌላ ነገር እንዳይጭን። በቀን ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ከተቻለ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ይቺን ለምን መረጥክ?» በሉት።

አንድ ልመና ይቀረኛል። ስትጫወቱ ሆን ብላችሁ አትሸነፉላቸው፤ ያውቁባችኋል። ሲሸነፉ ደግሞ «አንተ ድሮም ሒሳብ አይገባህም» አትበሏቸው፤ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶችም እንዳይሉ ተቆጧቸው። እንዲህ ተብሎ ያደገን ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን እንዲያወጣ ለማድረግ ዓመት ይፈጅብኛል። ይልቅ «የቱ ጋ ነው የተበለጥከው? እስቲ መልሰን እንየው» በሉት።

ልጆቹ መስከረም ላይ 5ኛ ክፍል ሲገቡ የዝናቡን መዝገብና የፈጠሯቸውን እንቆቅልሾች ይዘው እንዲመጡ ከ5ኛ ክፍል አስተማሪያቸው ጋር ተነጋግረናል። ማርክ የለውም፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ደብተር መግዛት የሚከብዳችሁ ከሆነ ከዓመቱ የተረፉ ግማሽ ደብተሮች እኔ ዘንድ ስላሉ ልጁን ላኩት። የገበጣው ሕግ ግራ የገባው ወላጅም ካለ እስከ ሐምሌ 15 ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት አስተማሪዎች ክፍል ስለምገኝ ይምጣና አብረን አንድ ዙር እንጫወታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የ4ኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ አስተማሪ