ለዕድራችን ስብሰባ የተጻፈ የሰላም ጸሎት

(አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ባረፈ ቁጥር ሁላችንም አሜን እንበል፤ አሚን የለመደ በለመደው ይበል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ከበረታ አንባቢው ትንሽ ይጠብቅ፣ አይቸኩል።)

ፈጣሪያችን ሆይ፣ ዛሬ የመጣነው የወር መዋጮ ልንከፍል ነበር። መዝገቡም ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመዝገቡ በፊት ግን አንተን እናናግር ብለን ተነሣን። ቄሳችንም ሼሃችንም እዚሁ አሉ፤ በየሥርዓታቸው አሳምረው ይጸልያሉ። ይኼኛው የሁላችን ነው። ቃሉ ተራ ነው፤ እኛም ተራ ሰዎች ነን።

አሜን።

አምላካችን፣ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ የምንባባለውን ትሰማለህ። አንዱ «ሰላም አደራችሁ?» ይላል። አንዱ «ነጋ ቡልተኒ?» ይላል። አንዱ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል። ሦስቱም ሰላምን ነው የሚጠሩት። ዕድሜያችንን ሙሉ ጠርተነዋል፣ ዘምቢል አንጠልጥለን፣ ወደ ሐሙስ ገበያ እየተጣደፍን፣ ልብ ሳንለው። ጎረቤት «ደህና ነን» ሲል መልሱን እንኳ ቆመን አንሰማም ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ቆመን እንሰማለን። አሁን «ልጁስ ደወለ?» ብለን እንጨምራለን። ያንን የድሮውን ችኩል ሰላምታ መልስልን። ሳንፈራ እየሮጥን የምንሰጠውን።

አሜን።

ዘንድሮ ድንኳናችን አልታጠፈም ቢባል ይሻላል። ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሳይደርቅ ሌላው ግቢ ይተከላል። ጡሩንባ ነፊያችን በማለዳ ሲነፋ፣ አልጋችን ላይ እንዳለን ትንፋሻችንን ይዘን እናዳምጣለን። የማን ቤት ይሆን? ድሮ ስንጠራ አስከሬን ልንሸኝ ነበር። ዘንድሮ የምንቀመጠው ፎቶ ፊት ነው። ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል የተነሣው ፎቶ። እናቱ የት እንዳረፈ አታውቅም። አፈር ያለበሰው ማን እንደሆነ አታውቅም። «ብርድ ነው አገሩ ይላሉ» ትላለች፣ ዛሬም ሹራብ ልትልክለት እንደምትችል ሁሉ።

የዕድራችን ደንብ ሁሉን ነገር ይዘረዝራል። ለድንኳኑ፣ ለወንበሩ፣ ለንፍሮው ስንት እንደሚወጣ ይናገራል። አስከሬን ስለሌለው ለቅሶ ግን አንድ ቃል አልነበረበትም። የጻፉት አባቶቻችን አላሰቡት ይሆናል፤ ወይም አስበውት ለመጻፍ ከብዷቸው ይሆናል። ባለፈው ስብሰባ እኛ አንድ መስመር ጨመርንበት። ጸሐፊያችን ስትጽፈው እስክሪብቶው ሁለቴ ከእጇ ወደቀ። አምላካችን፣ ያንን መስመር ሥራ አስፈታው። ቀለሙ ይደብዝዝ። ደግመን ገልጠን አናንብበው።

አሜን።

ያልደወሉትን ልጆች አስብ። ከመካከላችን አንዲት እናት ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ጠዋት ቡና ስታፈላ አንድ ሲኒ ትርፍ ታቀርባለች። ማንም «ለማን ነው?» ብሎ አይጠይቃትም። አቦሉም ቶናውም በረካውም ያልፋል፣ ያቺ ሲኒ ባዶዋን ትታጠባለች። ጌታችን፣ የሲኒዋን ባለቤት በሕይወት አምጣው። ቆስሎም ከሆነ አምጣው። እኛ እናስታምመዋለን።

አሜን።

ከሩቅ አገር መጥተው እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትን ልጆችም እንዳትረሳ። ኔትወርክ በጠፋበት ቀበሌ ወላጆቻቸው አሉ። ልጆቹ ቤተ መጻሕፍት ገብተው አንድ ገጽ ላይ ሲያፈጡ ይመሻል። የእኛን ልጅ ሌላ ከተማ ያለች እናት «በላህ ወይ?» ብላ እንድትጠይቀው እንመኛለን። እንግዲያው እነዚህንም እኛ እንጠይቃቸው። በበዓል በራችንን ከፍተን እንጥራቸው፣ ቋንቋቸው ምንም ይሁን።

ቤታቸው ተቃጥሎ እኛ ጋ ለተጠጉት መጠለያ ስጣቸው። እኛንም የተዘረጋ እጅ አይተን ፊታችንን እንዳናዞር አድርገን። ኑሮ ከብዶናል፣ ታውቃለህ። ግን ከአንድ እንጀራ ግማሹ አይጠፋም።

አሜን።

አሁን የሚከብደውን እንለምንሃለን። ይህን ስንጽፍ አንዳንዶቻችን «እሱ ይቅር» ብለን ነበር። ተከራክረን ነው ያስገባነው።

ከወዲያኛው ምሽግ ላለውም ልጅ እንጸልያለን። እሱም እናት አለችው። እሷም ስልኳን ታቅፋ ታድራለች። የኛ ልጅ የተኮሰው የሷን ልጅ አግኝቶት ከሆነ፣ አምላካችን፣ ምን እንደምንል አናውቅም። እንባዋን ከእንባችን አትለይብን። ጠላት የምንለው ሰው ነገ በሰላም በራችንን ቢያንኳኳ፣ ውሃ ለማቅረብ እጃችን አይያዝ።

አሜን።

የኛንም ጥፋት እንናገር። ጦርነቱን የሚያካሂደው መሣሪያ ያነሣው ሰው ብቻ አይደለም። እኛም ሳናጣራ ወሬ አስተላልፈናል። ቪዲዮ «ሼር» አድርገናል። ሰው በስሙና በአነጋገሩ ለይተን አምተናል። ልጆቻችን ምሳ ላይ እየሰሙን የጎረቤትን ዘር ሰድበናል፤ በማግሥቱ ያው ጎረቤት ጋ ጨው ልንበደር ልከናቸዋል። ሸቀጥ ደብቀን ዋጋ የሰቀልንም አለን። ስም አንጠራም፣ አንተ ታውቀናለህ። ይቅር በለን። አፋችንን አሳርፍልን።

አሜን።

የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ዛሬም ቆሟል። እሳቸው ከምኒልክ ጦር ጋር ከመግጠም ግብር መገበርን መረጡ። ውርደት ነው ያለም ነበር ይሆናል። ግን አገራቸው ሳይቃጠል ቀረ፣ ገበያውም ሳይፈታ። ሽማግሌዎቻችን ይህን የሚያወሩልን በኩራት ነው። አምላካችን፣ ዛሬ ለሚያዝዙን ሁሉ፣ በዚህም በዚያም ወገን ላሉት፣ እንዲህ ያለ ልብ ስጣቸው። ክብራቸው ቢጎድል የሰው ልጅ አይጉደል። በጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣቸው። ተነሥተው ሊወጡ ሲሉ እግራቸውን ያዝ።

አሜን።

መንገዱን ክፈትልን። ሹፌሮቻችን ወጥተው ይመለሱ። ቡናው ቀልቶ ለቃሚ አጥቶ እዛፉ ሥር እንዳይረግፍ፣ ወጣቱን ወደ ቡናው መልስልን። በጠመንጃ የሻከረ እጁ ቅርጫት ይያዝ። የአዌቱ ወንዝ ጥቅምት ላይ ሲጠራ ልጆች ዳር ዳሩን ይሩጡ። ሐኪሞቻችን የጥይት ሳይሆን የወባ በሽተኛ ያክሙ፤ ወባውንም ብታነሣልን ደግሞ ደስ ይለናል።

አሜን።

አሁን ሁላችንም እንነሣ። መቆም ያልቻሉ እናቶች ባሉበት ይቀመጡ። በጦርነቱ የምንጠብቀውን ወይም ያጣነውን ሰው እያንዳንዳችን በስሙ እንጥራ። ጮክ ማለት የሚችል ጮክ ይበል። ድምፅ ያጣ በልቡ ይጥራ። ጎን ላይ የቆመ ሰው ሲያለቅስ ካያችሁ እጁን ያዙት፣ አታባብሉት።

(ስሞቹ እስኪያልቁ ዝም ይባል። ማንም ሰዓት አይይ።)

ፈጣሪያችን፣ ሁሉንም ሰምተሃል። አንዳንዱን ስም ሁለት እናቶች ጠርተውታል፤ የተለያዩ ልጆች ናቸው፣ አታምታታብን።

አሜን። አሚን።